«ክፍተት ታይቷል» ሲሉን ማን ምን አጠፋ ማለታቸው ነው? የመግለጫ አማርኛን ወደ ግስ የመመለስ ዘዴ



አገር ቤት የሚወጡ መግለጫዎችን እያነበብን ስንተነትንላችሁ አንድ ነገር ደጋግመን እናያለን። መሥሪያ ቤቱ ስለ ስኬቱ ሲናገር አማርኛው ቀጥ ያለ ነው። «ገንብተናል፣ አስመርቀናል፣ አስረክበናል» ይላል፤ ባለቤቱ «እኛ» መሆኑ ከግሱ ላይ ይነበባል። ያው መግለጫ ሁለት አንቀጽ ወረድ ብሎ ስላልተሳካው ነገር ሲያወራ ግን ቋንቋው ይለወጣል። «የመጓተት ሁኔታ ተስተውሏል»፣ «የአፈጻጸም ክፍተቶች ታይተዋል»፣ «የቅንጅት ማነስ ተከስቷል» ይላል። የገነቡት ሰዎች ነበሩ፤ ያጓተተው ግን ሰው የለም፤ «ሁኔታ» ነው። ዛሬ ይህ አማርኛ እንዴት እንደሚሠራና እንዴት ተፈትቶ ወደ ግስ እንደሚመለስ በዝርዝር እናያለን። ነገሩ የሚመለከተው አገር ቤት መሬት ወይም ቤት ያለውን ብቻ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ለእናትና ለአባቶቻችን በአማርኛ የሚደርሳቸውን የመንግሥት ደብዳቤም፣ የራሳችንን የእድር ቃለ ጉባኤም ይነካል።

የአማርኛ ግስ ምን ይሸከማል?

«አላሳወቅናችሁም» የምትለውን አንዲት ቃል እንውሰድ። ቃሏ አንድ ናት፤ ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናት። ፊቷ ላይ ያለው «አል» ከመጨረሻው «ም» ጋር ሆኖ ድርጊቱ እንዳልተፈጸመ ይነግረናል። «አሳወቀ» አንዱ ሌላውን እንዲያውቅ ማድረጉን ይናገራል። መካከል ላይ ያለችው «ን» ባለጉዳዮቹ «እኛ» መሆናችንን፣ «አችሁ» ደግሞ የተበደላችሁት «እናንተ» መሆናችሁን ይገልጻል። ጊዜውም ያለፈ መሆኑ ይታወቃል። ማን፣ ማንን፣ ምን አደረገ ወይም አላደረገ፣ መቼ፦ ሁሉም በአንድ ቃል ውስጥ አለ።

አሁን ይህችኑ ቃል ወደ ስም እንለውጣት፦ «የማሳወቅ ክፍተት»። «እኛ» የለም። «እናንተ» የለም። ጊዜው የለም። አለማሳወቃችን እንኳ በግልጽ አልተባለም፤ «ክፍተት» ሙሉ በሙሉ መቅረትም፣ ትንሽ መዘግየትም፣ ለግማሹ ነግሮ ለግማሹ አለመንገርም ሊሆን ይችላል። በአማርኛ ግስን ወደ ስም መለወጥ ይህን ያህል ያስጥላል። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን ከገላው ጋር ስለሚሸከም፣ ግሱ ሲጠፋ ባለቤቱም አብሮ ይጠፋል።

ሌላም ችግር አለ። ስሞች ሲደራረቡ በ«የ» ነው የሚያያዙት፤ «የ» ደግሞ ሁለት ፊት አላት። «የኮሚሽኑ ምርመራ ተጠናቋል» የሚል ዜና ብናነብ፣ ኮሚሽኑ መረመረ ወይስ ኮሚሽኑ ተመረመረ? ሁለቱም ያስኬዳል። «ኮሚሽኑ ምርመራውን ጨረሰ» ወይም «ኮሚሽኑን መርምረው ጨረሱ» ቢባል ግን የሚያደናግር ነገር አይኖርም።

አማርኛ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የአጼ ምኒልክ የ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ንጉሡ ራሳቸው «እኔ» ብለው ለሕዝቡ «አንተ» እያሉ የሚናገሩበት ነው። ማን እንደጠራ፣ ማን መምጣት እንዳለበት፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚጠብቀው የሰማ ሁሉ ገብቶታል። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተም ስለነበር ግን፣ የሕግና የቢሮ አማርኛችን ከእንግሊዝኛው የቢሮ ቋንቋ ጋር አብሮ አድጓል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ማቋቋሚያ አዋጅ ቁጥር 3/1987 እንደሚደነግገው በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ካለ የሚጸናው የአማርኛው ነው። አማርኛው ደብዛዛ ከሆነ እንግዲህ የሚጸናው ድብዝዝ ያለው ነገር ነው ማለት ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር እንፍታ

ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር ከአንድ የተለየ መሥሪያ ቤት አልወሰድነውም፤ ለትምህርት ብለን እኛው አዘጋጀነው። ግን ብዙዎቻችሁ «ይህንንማ ትናንት ሰምቼዋለሁ» ማለታችሁ አይቀርም።

«በወረዳው የልማት ተነሺዎች የካሳ ክፍያ አፈጻጸም ላይ የተስተዋሉ ክፍተቶችን ለመቅረፍ የማስተካከያ እርምጃዎችን የመውሰድ ሥራ በመሠራት ላይ ይገኛል።»

አሥራ ሰባት ቃላት ናቸው። ዓረፍተ ነገሩን የሚያሥረው ግስ አንድ ብቻ ሲሆን እሱም «ይገኛል» ነው። ምንድን ነው የሚገኘው? «ሥራ»። ባዶውን ስናስቀረው የቀረን «ሥራ ይገኛል» ብቻ ነው።

መጀመሪያ ባዶ ቃላቱን እናውጣ። «አፈጻጸም»፣ «እርምጃ»፣ «መውሰድ»፣ «ሥራ»፣ «በመሠራት ላይ» ምንም የተለየ ድርጊት አይነግሩንም፤ ለማንኛውም ጉዳይ ይገጥማሉ። እነሱ ሲወጡ ቁምነገሩ ይታያል።

ሁለተኛ፣ በቀሩት ስሞች ውስጥ የተደበቀውን ግስ እንፈልግ። አማርኛ ለዚህ ያግዘናል፤ የቃሉ ሥር ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ ከስሙ ውስጥ ስለማይጠፉ ግሱን ማውጣት ቀላል ነው። «ክፍያ» ውስጥ «ከፈለ» አለ። «የተስተዋሉ» ውስጥ «አስተዋለ» አለ። «ማስተካከያ» ውስጥ «አስተካከለ» አለ። «ተነሺ» የሚለውንም ቃል ልብ በሉት። ተነሺ ማለት በራሱ የተነሣ ሰው ማለት ነው፤ ልክ ከወንበር እንደሚነሣ። እነዚህ ሰዎች ግን አልተነሡም፤ ሌላ አካል ነው ያስነሣቸው። ስለዚህ አራተኛው ግስ «አስነሣ» ነው።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ግስ ባለቤቱን እንጠይቅ። ማን አስነሣ? እነማንን? ማን መክፈል ነበረበት? አልከፈለም ወይስ አሳንሶ ከፈለ ወይስ ለማይገባው ሰው ከፈለ? ይህንን ማን ደረሰበት? ማን ነው የሚያስተካክለው? እስከ መቼ?

አራተኛ፣ ያገኘነውን በግስ እንጻፈው፤ ያላገኘነውን ቦታ ባዶ እንተወው። እንዲህ ይወጣል፦

«____ ከቤታቸው ላስነሣቸው ____ ሰዎች ካሳ ____። ይህን የደረሰበት ____ ነው። ____ እስከ ____ ድረስ ይከፍላቸዋል።»

የዚህ ሥራ ዋናው ፍሬ እነዚህ ባዶ ቦታዎች ናቸው። አሥራ ሰባቱ ቃላት ሲነበቡ ብዙ የተነገረን ይመስል ነበር። ወደ ግስ ስንመልሳቸው ዋናው ነገር ሁሉ እንዳልተነገረን አየን። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ደንብ አለ፦ ባዶውን ቦታ አንባቢም፣ ጋዜጠኛም፣ የሌላውን ጽሑፍ የሚያርም ሰውም በግምት አይሞላውም። «ወረዳው አልከፈለም» ብሎ መሙላት ይቀላል፤ ግን ምናልባት ገንዘቡን ያልለቀቀው ሌላ መሥሪያ ቤት ይሆናል። ስለዚህ ባዶው ቦታ ወደ ጥያቄ ይለወጥና ለጻፈው ክፍል ይላካል።

መልሱ ቢመጣ ዓረፍተ ነገሩ ምን ይመስላል? በምናባችን እንሙላውና «የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ከቤታቸው ላስነሣቸው 40 አባወራዎች ካሳ አሳንሶ ከፍሏል። ይህን የደረሰበት ቅሬታ ሰሚው ነው። ጽሕፈት ቤቱ ቀሪውን እስከ ሰኔ 30 ይከፍላቸዋል» እንበል። ከመጀመሪያው ብዙም አይረዝምም። ልዩነቱ ሰኔ 30 ሲያልፍ ይታያል። ከአርባዎቹ አንዷ «አልከፈላችሁኝም» ብላ መሄድ ትችላለች። «ሥራ በመሠራት ላይ ይገኛል» ለተባለች ሴት ግን የትኛው ቀን አለፈብኝ ብላ ትሄዳለች? ሥራው ዛሬም በመሠራት ላይ ነው።

ጥንዶቹን ማወቅ

የተደበቀ ግስ ብዙውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ከአንድ ረዳት ግስ ጋር ተጣምሮ ነው። «ውይይት አካሄዱ» ማለት «ተወያዩ» ነው። «ምርመራ አደረገ» ማለት «መረመረ» ነው። «ማረጋገጫ ሰጠ» «አረጋገጠ» ነው፤ «ክትትል ያደርጋል» ደግሞ «ይከታተላል»። «አደረገ፣ አካሄደ፣ ሰጠ፣ ወሰደ፣ አከናወነ» የሚሉትን ስታዩ ከፊታቸው ያለውን ስም ተመልከቱ፤ ግሱ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው ያለው።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ስሙን ወደ ግስ ለውጠው «ተ» ን ፊቱ ላይ ያስቀሩታል። «የካሳ ክፍያ ተፈጽሟል» የነበረውን «ካሳ ተከፍሏል» ያደርጉታል። አጥሯል፣ ጥሩ ነው፤ ግስም ሆኗል። ግን ማን ከፈለ? አሁንም የለም። ስለዚህ ግስ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ «ከፈለ»፣ «ከፈልን»፣ «ከፈሉ» ብሎ ባለቤቱን እስኪጠራ ድረስ መሄድ አለበት።

የእናታችን ደብዳቤ

አሁን ወደ እዚህ እንምጣ። ብዙ ወላጆቻችን ሜዲኬይድ ላይ ናቸው። በኮቪድ ጊዜ ታግዶ የነበረው ማጣራት እ.ኤ.አ. በ2023 እንደገና ሲጀመር በመላ አገሪቱ ሚሊዮኖች ሽፋናቸውን አጥተዋል። ከመዝገብ ከወጡት አብዛኞቹ የወጡት ብቁ አለመሆናቸው ተጣርቶ ሳይሆን ቅጽ ባለመመለስና በመሳሰሉት የወረቀት ጉዳዮች ነው። ደብዳቤው የሚናገረውን መረዳት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ ይታያል። እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በስም የታጨቀ ከሆነ፣ ተርጓሚው በታማኝነት ስሙን በስም ይተካዋል። ይህኛውም ለምሳሌ ያዘጋጀነው ነው፦

«የሽፋን ብቁነት ዳግም ማረጋገጫን አስመልክቶ አስፈላጊ ሰነዶች ባለመቅረባቸው ምክንያት ከወሩ ማብቂያ ጀምሮ የሽፋን መቋረጥ የሚከሰት ሲሆን የይግባኝ ጥያቄ አቀራረብ በተያያዘው ቅጽ መሠረት የሚፈጸም ይሆናል።»

አንዲት የ75 ዓመት እናት ይህን አንብበው ምን ያድርጉ? ማን ምን እንዲያደርግ እንደተፈለገ ከዓረፍተ ነገሩ አይወጣም። የሽፋኑ መቋረጥ እንኳ እንደ ዝናብ በራሱ «ይከሰታል»። ከላይ ባየነው መንገድ ስንፈታው እንዲህ ይሆናል፦

«የሕክምና ሽፋንዎ መቀጠል ይገባው እንደሆነ እንደገና እያጣራን ነው። የገቢ ማስረጃ እንዲልኩልን ጠይቀንዎት ነበር፤ እስካሁን አልደረሰንም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰን ሽፋንዎን እናቋርጣለን። ተሳስተናል ብለው ካመኑ ይግባኝ ማለት ይችላሉ። ከዚህ ጋር ያያያዝነውን ቅጽ ሞልተው ይላኩልን።»

ሁለት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ «ሰነዶች ባለመቅረባቸው» የሚለውን «ሰነድ አልላኩም» ብለን አልመለስነውም፤ «አልደረሰንም» ነው ያልነው። እሳቸው ልከውት ፖስታ ቤት ጠፍቶ ይሆናል፤ ቢሮው ውስጥ ከሌላ ሰው ፋይል ገብቶም ይሆናል። መሥሪያ ቤቱ በእርግጠኝነት የሚያውቀው እጁ አለመግባቱን ብቻ ነው። ግሱ ባለቤት ሲጠራ እውነተኛውን ባለቤት መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ከስሙ ጭጋግ ወጥተን ሐሰት ክስ ውስጥ ገባን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ «ይግባኝ» የሚለውን ስም አልነካነውም። የሕግ ቃል ነው፤ እናታችን ቢሮ ሄደው ሊጠሩት የሚገባ ቃል ነው። ከጎኑ «ማለት ይችላሉ» የሚል ግስ አስቀመጥንለት እንጂ። ይህ ቃል የሚገባውን ቦታ ማግኘቱ ጠቃሚ ነው፤ በፌዴራሉ የሜዲኬይድ ደንብ መሠረት ሽፋኑ ከሚቋረጥበት ቀን በፊት ይግባኝ የጠየቀ ሰው ጉዳዩ እስኪወሰን ሽፋኑ በአብዛኛው ይቀጥልለታል፤ ከተፈረደበት ግን በመካከል የወጣውን ወጪ ሊጠየቅ ይችላል።

«ይህ ሁሉ ድርድር ለአክብሮት ነው፤ ሽማግሌን በቀጥታ ይህን አድርጉ አይባልም» የሚሉ አሉ። አማርኛ ግን አክብሮቱን ግሱ ላይ አስቀምጦታል። «ይላኩልን» ትሁትም ነው ግልጽም ነው። «መላክ ይጠበቃል» ደግሞ ግልጽ አይደለም፤ ትሁት መሆኑም ያጠራጥራል።

እዚህ አገር ለዚህ ጉዳይ ሕግ ወጥቶለታል። ፕሬዚዳንት ኦባማ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2010 የፈረሙት የግልጽ አጻጻፍ ሕግ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ የሚጽፉትን ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲጽፉ ያዛል። ከሕጉ ጋር የሚሠራበት የአጻጻፍ መመሪያም «የተደበቁ ግሶች» በሚል ርዕስ ስለዚሁ ጉዳይ ይመክራል። ሕጉ ግን ገደብ አለው፤ ደንቦችን አይሸፍንም፣ በዚህ ሕግ መሥሪያ ቤትን ፍርድ ቤት ማቆምም አይቻልም። ዋሽንግተን ዲሲ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛችን ከተሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሰነዱ ወደ አማርኛ መተርጎሙ ግን የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ አማርኛው ባለቤት ያለው ግስ ካልያዘ ሰነዱ ተተርጉሟል እንጂ አልተነገረም።

የራሳችንስ?

ሌላውን ስናነሳ ራሳችንን አንርሳ። የእድር፣ የማኅበርና የቤተ እምነት ቦርድ ቃለ ጉባኤዎቻችንን እንያቸው። «የአዳራሽ ኪራይን ጉዳይ በተመለከተ ክትትል እንዲደረግ ውሳኔ ተላልፏል» ይባላል። ሦስት ወር ቆይቶ ጉባኤው ሲሰበሰብ ማንም አልተከታተለም፤ ሁሉም ሌላው ይከታተላል ብሎ ነበር። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰነፈም፤ ቃለ ጉባኤው ለማንም ሥራ አልሰጠም። «ወይዘሮ እገሊት እስከ ጥቅምት 15 የአዳራሹን ባለቤት አነጋግረው ዋጋውን ለኮሚቴው ያመጣሉ» ተብሎ ቢጻፍ ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ወይዘሮዋን «እሺ ይላሉ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበት ነበር። ሥራው የሚያዘው እዚያ ላይ ነው።

ስሙ መቅረት ያለበት ጊዜ

ሁሉንም ስም ወደ ግስ መለወጥ ግን ሌላ ጥፋት ነው። «ካሳ»፣ «ይግባኝ»፣ «ዜግነት» የመሳሰሉት ሕጉ ትርጉም የሰጣቸው ቃላት ናቸው፤ ከተነኩ መብቱም አብሮ ሊነካ ይችላል። አስቀድሞ በግስ የተነገረን ነገር «ይህ ውሳኔ» ብሎ በስም ማንሣትም ያስኬዳል፤ ባለቤቱን አውቀነዋልና። ድርጊቱን ማን እንደፈጸመ በእውነት ካልታወቀ ደግሞ «ማን እንዳቃጠለው አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ይገባል። ይህም ራሱ ግስ ነው፤ «ቃጠሎ ተከስቷል» ከሚለው ይልቅ አለመታወቁን በግልጽ ይናገራል።

እንግዲህ በሚቀጥለው መግለጫ ይህን ሞክሩት። ወረቀት ወስዳችሁ በአንድ ወገን «እኛ» የሚሉትን ግሶች፣ በሌላ ወገን «ተስተውሏል፣ ታይቷል፣ ተከስቷል» የሚሉትን ጻፉ። ከዚያ በሁለተኛው ወገን ያሉት የየትኛው ጉዳይ እንደሆኑ ተመልከቱ። ጥያቄ ለመጠየቅ ዕድል ያገኘ ሰው ካለም ረጅም ንግግር አያስፈልገውም፤ «ማን? ማንን? እስከ መቼ?» ይበቃል።